ጥሬ እንቁላል በማዮኔዝና በወተት፦ አደጋው የት ነው፣ በምንስ ይተካል?

የቤት ማዮኔዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁለት ጥሬ እንቁላል ብሌንደር ውስጥ ይሰበራል፤ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ካስፈለገም አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበታል። ብሌንደሩ እየዞረ ዘይቱ በቀጭኑ ይንቆረቆራል። መጨረሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ወይም አቼቶ ይገባና ሥራው ያልቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሳት አልነካውም። እንቁላሉ ይዞት የመጣው ባክቴሪያ ካለ፣ የሚገድለው ነገር ሳያገኝ በርገሩ ላይ ወይም ድንች ሰላጣው ውስጥ ይደርሳል።

«እኔ እንቁላሉን በደንብ አጥቤ ነው የምሰብረው» የሚል ሰው አይጠፋም። ማጠብ የሚረዳው ቅርፊቱ ላይ ላለው ብቻ ነው። እንቁላልን በተመለከተ በብዛት የሚያስቸግረው የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ዓይነት፣ ሳልሞኔላ ኢንተራይቲዲስ፣ የዶሮዋን የእንቁላል ማፍሪያ አካል ይይዛል፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ገና ሳይሠራ እንቁላሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዶሮዋ አትታመምም፣ እንቁላሏም አይቀንስም። እንቁላሉ ሲሰበር መልኩም ሽታውም ጤናማ ነው። ውሃ ውስጥ ጥሎ መንሳፈፉን ማየትም እንቁላሉ መሰንበቱን እንጂ ባክቴሪያ መያዙን አይናገርም። እንዲያውም እንቁላልን ገና ከመጣ አጥቦ ማስቀመጥ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ቅርፊቱን የሸፈነው ስስ መከላከያ ይለቃል፣ ውሃው ከእንቁላሉ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቆሻሻውን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይስባል። በኩስ የተለወሰውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ የተሰነጠቀውን ለጥብስም ቢሆን ቶሎ ተጠቀሙበት ወይም ጣሉት።

የሐበሻ እንቁላል ጥሬውን ቢጠጣ ምንም አይልም የሚባለውም በዚሁ ምክንያት አይሠራም። ጓሮ የምትጭር ዶሮ ከአይጥ፣ ከወፍና ከቆሻሻ ጋር ትገናኛለች፤ ሳልሞኔላ እንዳለባት የመረመራትም የለም። ጣዕሙ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚያ ላይ ክርክር የለንም።

አዲስ በተጣለና ባክቴሪያው በገባበት እንቁላል ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ነጩ ክፍል ለባክቴሪያ አይመችም፤ ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር አንቆ ይይዝበታል፣ እንቁላሉ በሰነበተ ቁጥርም እንደ ሳሙና ከአሲድ ተቃራኒ ወደሆነው ጠባይ ያዘነብላል። ምግቡ ሁሉ ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው፣ አስኳሉን ደግሞ ስስ ሽፋን ይጠብቀዋል። ይህ ሽፋን በቀዝቃዛ ቦታ ለሳምንታት ይጸናል፤ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ግን በጥቂት ቀናት ይላላል። ሽፋኑ ሲላላ የአስኳሉ ምግብ ወደ ነጩ ያፈሳል፣ ባክቴሪያውም መራባት ይጀምራል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ እንቁላልና ፍሪጅ ውስጥ የነበረ እንቁላል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሲሰበር አስኳሉ ተንጠፍጥፎ የሚፈስ ከሆነ ሽፋኑ ደክሟል ማለት ስለሆነ፣ ያ እንቁላል ቢያንስ ለጥሬ ነገር አይታሰብ።

ብሌንደሩ ደግሞ ያንን ሽፋን በሁለት ሰከንድ ይበጣጥሰዋል። ሳልሞኔላ ከ7 ዲግሪ ገደማ በላይ ይራባል፣ የሚስማማው የሰውነታችን ሙቀት ነው። ጠዋት የተሠራ ለስላሳ ማዮኔዝ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እስከ ማታ ከዋለ፣ በጣት የሚቆጠረው ብዙ እጥፍ ለመሆን በቂ ሰዓት አግኝቷል።

አንድ እንቁላል ያበላሸዋል የሚባለው ዕድል ትንሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ የተሠራ ግምት ከ20,000 እንቁላል አንዱ በውስጡ ባክቴሪያ እንደሚይዝ ያሳይ ነበር። በዓመት አምስት ጊዜ ማዮኔዝ ለሚሠራ ቤት ይህ ብዙም አያስፈራም። በርገር ቤት ግን እናስላው። በቀን 30 እንቁላል አንድ ባልዲ ውስጥ ሰብሮ የሚፈጭ ቤት በዓመት ወደ 11,000 እንቁላል ይሰብራል። በዚያው ግምት ብንሄድ እንኳ፣ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ የተበከለ እንቁላል የማግኘት ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው። ያ አንዱ እንቁላል ደግሞ ብቻውን አይቀርም፣ የዕለቱን ባልዲ በሙሉ ይዞ ነው የሚሄደው። በሕንድ የኬረላ ግዛት በ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ምግብ ቤቶች በጥሬ እንቁላል ማዮኔዝ እንዳይሠሩ የከለከለው ሙቀትና ብዛት ሲገናኙ የሚመጣውን ይህን ችግር አይቶ ነው።

ሎሚና አቼቶስ አይገድሉትም ወይ? የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ «በቂ ከሆነ፣ ጊዜም ከተሰጠው» ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። የማዮኔዙ ፒኤች ከ4.2 በታች ካልወረደ ሎሚው ለጣዕም ነው የገባው ማለት ይቻላል። ከላይ ያየነው አሠራር ሁለት ሙሉ እንቁላል ከአንድ ማንኪያ ሎሚ ጋር ነው፤ ነጩ ክፍል ደግሞ አሲዱን ስለሚያረክሰው እዚያ ደረጃ መድረሱን ማንም ሊተማመንበት አይችልም። ለአንድ አስኳል ብቻ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹህ ሎሚ ሲገባ ነው ነገሩ ወደ ቁም ነገር የሚቀርበው፤ በዚያ መጠን የተሠራው ማዮኔዝ ደግሞ ፊት ያስጨማድዳል። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ሌላም ነገር አለ። አሲድ ባክቴሪያን በፍጥነት የሚገድለው በክፍል ሙቀት እንጂ በቅዝቃዜ አይደለም። ማዮኔዙን ወዲያው ፍሪጅ ስናስገባው ባክቴሪያው መራባቱን ያቆማል፣ ነገር ግን መሞቱም ይዘገያል። ውጭ ስንተወው ደግሞ አሲዱ በቂ ካልሆነ ይራባል። የፒኤች መለኪያ ሳይኖር በዚህ መሃል መወራረድ አያዋጣም። የፋብሪካ ማዮኔዝ የተለየ የሚሆነው አሲዱም የተለካ፣ እንቁላሉም አስቀድሞ በሙቀት የታከመ ስለሆነ ነው።

እኛ የምንመርጠው አስኳሉን ከዘይቱ በፊት ማሞቅ ነው። ጣዕሙ ከጥሬው አይለይም፣ የሚጨምረውም አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

ለአንድ ኩባያ (240 ሚሊ ሊትር) ዘይት ሁለት አስኳል ያስፈልጋል። አስኳሎቹን ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጉና ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም ሎሚ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ አንድ እስኪሆን ምቱት። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ አድርጋችሁ የድስቱን ወለልና ጥግ እየጫራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ብቻውን ድስት ላይ የወደቀ አስኳል 65 ዲግሪ አካባቢ መጠጠር ይጀምራል፤ እዚህ ግን ውሃው፣ አሲዱና ስኳሩ ስላራራቁት ሳይቋጠር ወደ 71 ዲግሪ መድረስ ይችላል። በ60 ዲግሪ ሳልሞኔላን ለመግደል ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ፣ 71 ላይ ግን ሰከንዶች ይበቃሉ።

ቴርሞሜትር ያለው 71ን ጠብቆ ያውርድ። የሌለው ዓይኑን ይጠቀም። መጀመሪያ ፈሳሹ ላይ ያለው አረፋ ይጠፋል፣ ቀጥሎ እንደ ቀጭን አጥሚት ይወፍራል፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ቡፍ የሚል አረፋ ይወጣል። ያኔ ወዲያው አውርዱት። ማንኪያ ነክራችሁ ጀርባውን በጣት ስትሰነጥቁት መስመሩ ሳይዋጥ መቅረት አለበት። አረፋው ሲበዛ ከጠበቃችሁት እንቁላል ፍርፍር ታገኛላችሁ። እጃችሁ ካልለመደ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ በሚፈላበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጣችሁ በእንፋሎቱ ሥሩት፣ የሳህኑ ቂጥ ግን ውሃውን አይንካ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በከፍታው ምክንያት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ተርፎ ይበቃል።

ካወረዳችሁ በኋላ አራት ደቂቃ አሳርፉትና ንጹህ ብሌንደር ውስጥ ገልብጡት። ዘይቱን መጀመሪያ በጠብታ፣ መወፈር ሲጀምር በክር ውፍረት አፍስሱ። ዘይቱ ከማሞቁ በኋላ የሚገባው በምክንያት ነው፤ ባክቴሪያ በዘይት ሲከበብ ሙቀትን ይቋቋማል። የተሠራን ጥሬ ማዮኔዝ አሙቆ ማዳን አይቻልም፣ ከመለያየቱ በፊት ደህና የሚባለው ሙቀት ላይ አይደርስም።

ዘይቱ ከተለየባችሁ ብዙ ሰው የሚመክረው «አዲስ አስኳል ላይ እየጨመርክ መልሰው» የሚለውን ነው። ይህ የለፋችሁበትን ሁሉ ያፈርሰዋል፣ ጥሬ አስኳል ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በእሱ ፈንታ ንጹህ ሳህን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ አድርጉ፤ የተለያየውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት፣ ይመለሳል። ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት ጥሬውን እንቁላል የመቱበትን ሹካ ወይም ሳህን ሳያጥቡ ለተሠራው መጠቀም ነው። እንቁላል የነካ እጅም እንደዚያው፣ በሳሙና ይታጠብ።

ይህ ማዮኔዝ ከ5 ዲግሪ በታች አራት ቀን ይቆያል። ገበታ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከአራት ሰዓት በላይ ከቆየ አትቅመሱት፣ ድፉት።

እንቁላሉን ጨርሶ ማውጣት ለሚፈልግ የሽምብራ ውሃ አለ። ለጾምም ስለሚሆን እኛ ቤት ከሌላው አገር የበለጠ ቦታ ያለው ይመስለናል። ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ሌሊቱን ዘፍዝፉና የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት። በአዲስ ውሃ፣ ሽምብራውን ሁለት ጣት ያህል ብቻ እንዲሸፍን አድርጋችሁ እስኪላላ ቀቅሉት። ሳታጠሉት ከነውሃው ይቀዝቅዝ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግሥቱ ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሙለጨልጭ መሆን አለበት። ቀጥኖ እንደ ተራ ውሃ ከፈሰሰ ለብቻው አጥልላችሁ በእሳት ላይ በግማሽ ያህል አትንኑትና አቀዝቅዙት፤ በዚህ ማዮኔዝ ላይ የሚያጋጥመው ውድቀት ከሞላ ጎደል ሁሉ የሚመጣው ከቀጠነ ውሃ ነው።

አራት የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጠባብ ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ በእጅ ብሌንደር ምቱት፤ አንድ ኩባያ ዘይቱን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ከእንቁላሉ ይልቅ ቀስታ ይፈልጋል፣ የመጀመሪያው ሩብ ኩባያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቢፈጅ አይብዛባችሁ። ትልቅ ብሌንደር ውስጥ ከሠራችሁት ቢላው ፈሳሹን ላያገኘው ስለሚችል መጠኑን እጥፍ አድርጉ። ትኩስ የሽምብራ ሽታው በሰናፍጩና በአቼቶው ይዋጣል። ያልተጠቀማችሁበት ውሃ ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይበላሻልና በበረዶ መሥሪያ እያቀዘቀዛችሁ አስቀምጡት።

የወተቱ ማዮኔዝ ከሁሉ ይቀላል። ግማሽ ኩባያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት፣ አንድ ኩባያ ዘይት፣ ጨውና ሰናፍጭ ጠባብ ማሰሮ ውስጥ ይገባል። የእጅ ብሌንደሩን ወለሉ ላይ ተክላችሁ ታች እስኪነጣ ሳታንቀሳቅሱ አዙሩት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ በመጨረሻ ነው የሚገባው፤ ወተቱን ረጋ አድርጎ ያወፍረዋል፣ ቀድሞ ከገባ ግን ያቋጥረዋል። ወተቱ ጥሬ ከሆነ ከእንቁላሉ ሸሽተን ሌላ የሳልሞኔላ ምንጭ ውስጥ ገባን ማለት ስለሆነ መፍላቱ የግድ ነው። ዓረብ አገር ያላችሁ የሻዋርማውን የነጭ ሽንኩርት ስልስ ታውቁታላችሁ፤ ዋናው አሠራሩ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሎሚና ዘይት ብቻ ነው። እንዲነጣና እንዲበዛ ብለው ጥሬ የእንቁላል ነጭ የሚጨምሩ አሉና ስትገዙ ጠይቁ።

ወደ መጠጡ እንምጣ። እንቁላል በወተትና በማር፣ ለጉሮሮ ወይም ለጉልበት ተብሎ የሚጠጣው። «ትኩስ ወተት ስለማፈስበት ይበስላል» ይባላል። ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ እንቁላል 50 ግራም ያህል ነው፣ ሙቀቱም የክፍሉ፣ 20 ዲግሪ። 250 ሚሊ ሊትር ወተት ከእሳት ወርዶ 75 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ብታፈሱበት ድብልቁ 66 ዲግሪ ይሆናል፤ ብርጭቆው ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ወዲያው ከ60 በታች ይወርዳል። ሁለት እንቁላል በግማሽ ብርጭቆ ወተት ከሆነ ደግሞ ወተቱ 85 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ድብልቁ 56 ላይ ይቀራል። ለአንዱም አይበቃም። ሲጠጣ ትኩስ መሆኑ ያታልላል፤ ምላስ 56ን «ያቃጥላል» ይለዋል፣ ለሳልሞኔላ ግን ገና ነው።

መፍትሔው ወደ እሳት መመለስ ነው። እንቁላሉን ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ጋር ክር እስኪያጣ ምቱት፣ አንድ ኩባያ ትኩስ ወተት እያማሰላችሁ በቀጭኑ አፍስሱበት፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሳችሁ በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ የማንኪያ ጀርባ እስኪሸፍን ወይም 71 እስኪደርስ አቆዩት። መፍላት የለበትም። ማሩን ካወረዳችሁት በኋላ ጨምሩ። ትንሽ ከቋጠረ በወንፊት አሳልፉት፣ ቀዝቅዞ መጠጣት ለሚወድም በዚሁ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማቀዝቀዝ ነው።

ለጡንቻ ብለው ጠዋት ጠዋት አራት አምስት ጥሬ እንቁላል ለሚጨልጡ ልጆች ከሳልሞኔላው ሌላ ነገርም አለ። ቤልጅየም ውስጥ በ1998 የታተመ ጥናት ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ሲጠቀም ከጥሬው የሚጠቀመው ግማሹን ገደማ ብቻ መሆኑን ለክቷል። አምስት ጥሬ ከመዋጥ ሦስት ቅቅል መብላት ይሻላል፤ ይጠጣ ካሉም ቅቅሉን ከሙዝና ከወተት ጋር መፍጨት ይቻላል፣ እምብዛም አይታወቅም።

ውጭ አገር ላሉ ቀለል ያለ መንገድ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከነቅርፊቱ በሙቅ ውሃ የታከመ፣ ካርቶኑ ላይ ፓስቸራይዝድ የሚል የተጻፈበት እንቁላልና በካርቶን የሚሸጥ ፈሳሽ እንቁላል ይገኛል፣ ሳይሞቅ ለማዮኔዝ ይሆናል። ነጩ ትንሽ ይደፈርሳል፣ ለአረፋም ረዘም ያለ መምታት ይፈልጋል። ብሪታንያ ውስጥ ዶሮዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰፊው ስለሚከተቡ፣ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በ2017 የአንበሳ ማኅተም ያለበትን እንቁላል ነፍሰ ጡርና ሕፃን ጭምር በጥሬው ቢበሉት እንደማይከለክል አስታውቋል። ያ ፈቃድ የሚሠራው ለዚያ ማኅተም ብቻ ነው፣ ከዚያ የመጣ ዘመድ እዚህ ላለው እንቁላል ሊያውለው አይገባም።

የተጠረጠረ ማዮኔዝ ከተበላ፣ ሕመሙ ከስድስት ሰዓት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ትናንት የበላችሁትን ብቻ አታስቡ። ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ዋናዎቹ ናቸው፤ ጤነኛ ጎልማሳ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ በፈሳሽና በኦአርኤስ ይድናል። ከታይፎይድ ጋር አታምታቱት፤ ታይፎይድን የሚያመጣው ሌላ የሳልሞኔላ ዓይነት ነው፣ ምንጩም ዶሮ ሳይሆን ሰው ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ ወይም በሕመምና በመድኃኒት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ከሆነ፣ ወይም ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳቱ 39 ከነካ፣ ሽንት ከጠፋ፣ ቤት መጠበቅ የለም፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው። የበላውን ነገርና የበላበትን ሰዓት ለሐኪሙ መንገርም የሰገራ ምርመራ ቶሎ እንዲታዘዝ ይረዳል።